በዛፍ ማረጋገጫ ላይ የተቀነሰ ማርክ

በሒሳብ ዛፍ የሚባለው ግራፍ አንጓዎቹ ሁሉ በመስመር የተያያዙና ዞሮ ወደ መነሻው የሚመለስ መንገድ የሌለው ነው። n አንጓዎች ያሉት ዛፍ ምንጊዜም n − 1 መስመሮች አሉት። ይህን በኢንዳክሽን ማረጋገጥ በዲስክሪት ማቲማቲክስ ኮርስ የተለመደ ጥያቄ ነው፤ ማርክ የሚቀነስበትም ቦታ የታወቀ ነው።

ተማሪው እንዲህ ይጽፋል እንበል፦ አንድ አንጓ ብቻ ያለው ዛፍ መስመር የለውም። n አንጓዎች ያሉት ዛፍ n − 1 መስመሮች ካሉት፣ አንድ አዲስ አንጓ በአንድ መስመር ሲቀጠልበት n + 1 አንጓዎችና n መስመሮች ይኖሩታል። ረዳት መምህሩ ከ10 ማርክ 3 ቀንሶ «ሁሉንም ዛፍ አያካትትም» ብሎ ይመልሰዋል።

ስሌቱ ትክክል ስለሆነ ቅነሳው ግትርነት ይመስላል፤ ግን አይደለም። የተረጋገጠው በመቀጠል ስለሚሠሩ ዛፎች ብቻ ነው፤ በሌላ መንገድ የሚገኝ ዛፍ እንደሌለ አልታየም። ይኸው አካሄድ ሐሰትንም «ያረጋግጣል»። «እያንዳንዱ አንጓ ቢያንስ አንድ መስመር ካለው ግራፉ በሙሉ የተያያዘ ነው» የሚለውን መውሰድ ይቻላል። በተያያዘ ግራፍ ላይ አንድ አንጓ በመስመር ቢቀጠል ውጤቱም የተያያዘ ነው። ነገር ግን አራት አንጓዎች ሁለት ሁለት ሆነው ለየብቻ ቢጣመሩ ሁሉም መስመር ይኖራቸዋል፣ ግራፉ ግን ለሁለት እንደተከፈለ ነው። መቀጠል እዚህ ግራፍ ላይ ፈጽሞ አያደርስም።

የዛፉ ክፍተት ግን ይደፈናል። ከአንድ በላይ አንጓ ያለው ዛፍ ሁሉ ቅጠል፣ ማለትም አንድ መስመር ብቻ የነካው አንጓ አለው። በዛፉ ውስጥ ያለው ረጅሙ መንገድ ያበቃበት አንጓ ሌላ መስመር ቢኖረው ወይ መንገዱ ይረዝም ነበር፣ ወይ ዙር ይፈጠር ነበር። ስለዚህ ከማንኛውም n + 1 አንጓዎች ካሉት ዛፍ ተነስቶ ቅጠሉን ከነመስመሩ መቁረጥ ይቻላል፤ የሚቀረውም ዛፍ ነው።

ይህን የተረዳ ተማሪ ለረዳት መምህሩ የሚጽፈው መልእክት አጭር ነው፦

«ጤና ይስጥልኝ መምህር። የጥያቄ 4ን እርማት አይቻለሁ። ዛፍ ሁሉ በመቀጠል እንደሚገኝ አለመጻፌ ገብቶኛል። ሆኖም ዛፍ ሁሉ ቅጠል እንዳለው በክፍል ስላረጋገጥን የጎደለኝ አንድ ዓረፍተ ነገር መሰለኝ። 3ቱ ማርክ የተቀነሰው ለዚህ ብቻ ነው ወይስ ሌላም ስህተት አለ? ሲመችዎ ቢያዩልኝ አመሰግናለሁ።»

መልእክቱ ጉድለቱን ያምናል፣ የሚከራከረው በቅጣቱ ልክ ብቻ ነው፤ ረዳት መምህሩም የማርክ አሰጣጡን ተመልክቶ ሊመልሰው ይችላል። ክርክሩ የሚቆመው ግን የቅጠሉ ሐሳብ በእርግጥ በክፍል ተረጋግጦ ከሆነ ነው። ጥያቄው ሁሉም ነገር ከትርጓሜው ተነስቶ ይረጋገጥ ካለ፣ ወይም 3ቱ ማርክ ለዚያች እርምጃ አስቀድሞ የተመደቡ ከሆነ፣ ቅነሳው ይጸናል።