ከገበያ የተገዛ በግና ፍየል 21 ቀን ለብቻው ይቆይ

በብዙ የገጠር ቀበሌዎች በግ ወይም ፍየል ገዝቶ የተመለሰ ገበሬ አዲሱን እንስሳ በዚያኑ ምሽት ከነባሮቹ ጋር በአንድ ጉረኖ ያሳድራል። በማግሥቱም ከመንደሩ መንጋ ጋር ወደ ግጦሽ ያወጣዋል። ሲገዛ ጤነኛ ሆኖ ስለታየ የሚያሰጋ ነገር ያለ አይመስልም። ነገር ግን በገበያ ላይ በሽታ የያዘው እንስሳ በዚያው ቀን አይታመምም። ምልክቱ እስኪወጣ ቀናት ያልፋሉ፤ በእነዚህም ቀናት መካከል ነባሩ መንጋ ይለከፋል።

ለዚህ ዋናው ምሳሌ የበግና ፍየል ደስታ መሰል በሽታ ነው። ስሙን ያገኘው የቀንድ ከብትን ከሚፈጀው ከደስታ በሽታ ጋር ስለሚመሳሰል ነው። የደስታ በሽታ በ1880 ዓ.ም. ገደማ በምፅዋ በኩል ከውጭ በገቡ ከብቶች አማካይነት ገብቶ የአገሪቱን ከብት ጨርሶ ክፉ ቀን የተባለውን ረኀብ አስከትሏል። ደስታ በ2003 ዓ.ም. ከዓለም መጥፋቱ ተረጋግጧል። የበግና ፍየሉ ዘመዱ ግን ዛሬም በአገራችን አለ።

ይህ በሽታ እንስሳውን በያዘው ከአራት እስከ ስድስት ባሉት ቀናት ምልክቱን ያሳያል፤ አንዳንድ ጊዜም እስከ ሁለት ሳምንት ሊዘገይ ይችላል። የታመመው እንስሳ በዓይኑና በአፍንጫው ፈሳሽ፣ በሳሉና በፋንድያው አማካይነት ወደ ሌላው ያስተላልፋል፤ ይህንንም የሚጀምረው ምልክቱ ከመታየቱ አንድ ወይም ሁለት ቀን አስቀድሞ ነው። የመለያው ጊዜ 21 ቀን የሆነው፣ የዘገየውም ምልክት እስኪወጣ ድረስ ሁለት ሳምንት ተጠብቆ አንድ ሳምንት ለጥንቃቄ ስለሚጨመርበት ነው።

ነገሩን በምሳሌ ለማየት፣ 14 በጎችና ፍየሎች ያሉት አንድ ገበሬ ቅዳሜ ገበያ አራት እናት በጎችና አንዲት ፍየል ገዛ እንበል። ከአምስቱ አንዷ በገበያው ላይ ተለክፋለች። በአምስተኛው ቀን ከሌሎቹ ወደ ኋላ ትቀራለች፤ መኖም ትቀንሳለች፤ ዓይኗና አፍንጫዋ ውኃ ያዘንባሉ። በሁለትና ሦስት ቀን ውስጥ ፈሳሹ ይወፍርና የአፍንጫዋን ቀዳዳ ይደፍናል። አፏ ሲከፈት ድዷና ምላሷ ቆስለው ይታያሉ፤ ትንፋሿም ይከረፋል። ከዚያ ተቅማጥና ሳል ይከተላሉ። ገበሬው አምስቱን ከመጀመሪያው ምሽት ጀምሮ ከነባሮቹ ጋር ቀላቅሎ ከነበረ፣ እሷ ስትታመም 14ቱም በትንፋሿ ተነክተዋል፤ በአንድ ሳምንት ውስጥም መታመም ይጀምራሉ። ለይቷቸው ከነበረ ግን ጉዳቱ በአምስቱ ላይ ይወሰናል።

መለየት ማለት በአንድ ጉረኖ ውስጥ በእንጨት መከፈል ማለት አይደለም። አዲሶቹ ነባሮቹን በአፍንጫ መንካት ወይም በእነርሱ ላይ መሳል በማይችሉበት ቦታ፣ ከተቻለም በማሳው ዳርቻ ነፋሱ ወደ ነባሮቹ በማይነፍስበት በኩል መታሰር አለባቸው። መኖውና ውኃው እዚያው ይቀርብላቸዋል እንጂ ወደ ግጦሽ ወይም ወደ ወንዝ አይነዱም። ስለዚህ መኖው ከግዢው አስቀድሞ መሰናዳት አለበት። 25 ኪሎ የምትመዝን በግ በቀን አንድ ኪሎ ገደማ ደረቅ መኖ ያስፈልጋታል፤ ለአምስት በጎች ለ21 ቀን 105 ኪሎ ያህል ይሆናል። ይህን ያላዘጋጀ ገበሬ በሦስተኛው ቀን ገመዱን ፈቶ ከመንጋው ጋር ለመልቀቅ ይገደዳል።

የሥራው ቅደም ተከተልም ሊጠበቅ ይገባል። ጠዋት መጀመሪያ ነባሮቹ ይታያሉ፤ አዲሶቹ ግን በመጨረሻ። ከዚያ በኋላ እጅና ጫማ በሳሙና ይታጠባሉ። የውኃ መጠጫ ገንዳው፣ ገመዱና መጥረጊያው ለየብቻ ናቸው። የበሽታው ተሕዋስ ከእንስሳው ውጭ ብዙ አይቆይም፤ ፀሐይና ሳሙና ያጠፉታል። ስለዚህ ለጥንቃቄው ውድ መድኃኒት አያስፈልግም።

በየቀኑ መኖ ሲሰጥ የሚታዩት አምስት ነገሮች ዓይን፣ አፍንጫ፣ አፍ፣ ፋንድያና የመኖ ፍላጎት ናቸው። ከገበያ የመጣ በግ በመንገድ ድካም ብቻ ሊያስል ይችላል። ነገር ግን ሳሉ ከአፍ ቁስልና ከተቅማጥ ጋር ከተገናኘ ወይም የሰውነቱ ሙቀት ከ40.5 ዲግሪ ካለፈ፣ በዚያኑ ዕለት ለእንስሳት ጤና ባለሙያ መነገር አለበት። በሽታውን የሚያድን መድኃኒት የለም፤ የሚሰጠው መድኃኒት የሚረዳው ተከትሎ የሚመጣውን የሳምባ ቁስለት ለመቀነስ ነው። የታመመውን እንስሳ አውጥቶ መሸጥ በሽታውን ወደ ሌላ ቀበሌ መላክ ነው። የሞተውም ለውሻ አይጣልም፤ በጥልቅ ጉድጓድ ይቀበራል።

ከመካከላቸው አንዱ ቢታመም ቆጠራው እንደገና ይጀምራል፤ 21ዱ ቀን የሚቆጠረው የመጨረሻው በሽተኛ ከዳነበት ወይም ከሞተበት ዕለት ነው። በአሥረኛው ቀን ሌላ በግ ተገዝቶ ከተጨመረባቸውም ቆጠራው ለሁሉም ከአንድ ይነሣል።

ብዙ ጊዜ ስሕተት የሚፈጸመው በክትባት ላይ ነው። አንዳንድ ገበሬዎች አዲሱን በግ በገዙበት ቀን አስከትበው በዚያው ቀን ይቀላቅሉታል። ነገር ግን ክትባቱ መከላከል እስኪጀምር ሁለት ሳምንት ያህል ይፈልጋል፤ ቀድሞ በሽታው የገባበትንም አያድንም። የሚሻለው ነባሩን መንጋ ከግዢው ቢያንስ ከሁለት ሳምንት በፊት፣ አዲሶቹን ደግሞ ካረፉና ጤነኛ መሆናቸው ከታየ በኋላ በመጀመሪያው ሳምንት ማስከተብ ነው። እንዲህ ከሆነ የመለያው ጊዜ ሲያበቃ ክትባቱም ሥራውን ጀምሯል። አንድ ጊዜ የተከተበ በግ ሦስት ዓመት ያህል ይጠበቃል።

ሆኖም 21 ቀን ሁሉንም በሽታ አያጋልጥም። ውርጃ የሚያስከትል ተሕዋስ ያለባት በግ እስክትወልድ ጤነኛ መስላ ልትቆይ ትችላለች። በመሆኑም ያረገዘች በግ የገዛ ሰው ቢቻል እስክትወልድ ለብቻዋ ያቆያት፤ ከጨነገፈችም ሽሉንና የእንግዴ ልጁን በባዶ እጅ አይንካ፤ በሽታው ወደ ሰው ይተላለፋልና። የእርሻ በሬ ሲገዛም ተላላፊው የሳምባ በሽታ ምልክቱን ለማሳየት ወራት ሊወስድ ስለሚችል፣ ቀን ከመቁጠር ይልቅ በሬው የመጣበትን አካባቢ መጠየቅና የደም ምርመራ ማስደረግ ይሻላል።

ግጦሹ የጋራ በሆነበት ቀበሌ አንድ ገበሬ ብቻውን ቢጠነቀቅ መንጋው አይድንም፤ የጎረቤቱ ያልተለየ በግ በማግሥቱ በአንድ ሜዳ ያገኘዋልና። ስለዚህ የገበሬ ማኅበር መሪዎች ከአባላቱ ጋር ሊወስኑባቸው የሚገቡ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው ማንኛውም አዲስ እንስሳ 21 ቀን ሳይሞላው ወደ ጋራ ግጦሽና ውኃ እንዳይወጣ ነው። ሁለተኛው «አዲስ» የሚባለው የትኛው እንደሆነ ነው። ለገበያ ወጥቶ ሳይሸጥ የተመለሰ በግ፣ ለማስጠቃት ከሌላ ቀበሌ የመጣ አውራ፣ ከዘመድ የተሰጠ ወይም ለእርባታ በአደራ የተረከቡት ፍየል ሁሉ አዲስ ነው። በተለይ ሳይሸጥ የተመለሰውን ባለቤቱ የራሴ ነው ብሎ ስለሚያምነው የሚጠይቀው ሰው የለም። እርሱም ቢሆን ቀኑን ሙሉ ከማያውቃቸው በጎች ጋር ሲተሻሽ ውሏል።