ፓስታ ለአንድ ሰው ስንት ግራም ይበቃል?

ፓስታ ለብቻው ዋና ምግብ ሆኖ ሲቀርብ ለአንድ አዋቂ ሰው ከ80 እስከ 100 ግራም ይበቃል። ከጥብስ፣ ከዶሮ ወይም ከዓሣ ጎን ሲቀርብ ግን ከ40 እስከ 60 ግራም በቂ ነው። ልኩ የሚወሰደው ሳይቀቀል፣ በደረቁ ነው። ፓስታ ሲቀቀል ውሃ ስለሚመጥ ክብደቱ ከእጥፍ በላይ ይሆናል። 100 ግራም ደረቅ ፓስታ ከድስት ሲወጣ 220 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ብዙ ከቆየ ደግሞ ከዚያም ይከብዳል። የተቀቀለውን መዝኖ ድርሻ ማውጣት የሚያሳስተው በዚህ ምክንያት ነው።

በጣሊያን የተለመደው ልክ 80 ግራም አካባቢ ነው፤ እዚያ ፓስታ የሚበላው መጀመሪያ ሲሆን ከእሱ በኋላ ሥጋ ወይም ዓሣ ይከተላል። በኢትዮጵያ ቤቶች ግን ፓስታ በስጎ ብዙውን ጊዜ ራሱን የቻለ ምሳ ወይም እራት ስለሆነ ወደ 100 ግራም መጠጋቱ ይሻላል። ስጎው ሥጋ የበዛበት ከሆነ 80ም ይበቃል። በቲማቲም ብቻ የተሠራ ቀለል ያለ ስጎ ሲሆን ግን 100 ግራሙ ይፈለጋል።

ሚዛን የሌለው ቤት እሽጉን ራሱን መለኪያ ማድረግ ይችላል። አንድ እሽግ አብዛኛውን ጊዜ 500 ግራም ነው። ስፓጌቲው ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ አምስት እኩል ቦታ ሲከፈል እያንዳንዱ እፍኝ 100 ግራም ይሆናል። በዓይን ብቻ የሚገምት ሰው ብዙ ጊዜ ያበዛል፤ ደረቁ ስፓጌቲ በእጅ ሲያዝ ቀጭንና ጥቂት ይመስላልና። ለመኮሮኒ ደግሞ አንድ ብርጭቆ ተመርጦ ሙሉ እሽጉ ስንት ጊዜ እንደሚሞላው አንዴ መቁጠር ነው። አምስት ጊዜ ከሞላው ብርጭቆው 100 ግራም ይይዛል፤ ስድስት ከሆነ 83 ገደማ። ቅርጹ ሲለወጥ ግን ቆጠራው ይደገማል፤ ትንንሹ መኮሮኒ ተጠጋግቶ ስለሚገባ ከትልልቁ የበለጠ ይመዝናል።

አራት አዋቂዎችና ሁለት ትንንሽ ልጆች ያሉበት ቤት ለምሳ ፓስታ በስጎ ቢሠራ፣ ለአዋቂዎቹ 400፣ ለልጆቹ ለእያንዳንዳቸው 50 ግራም ሲታሰብ አንድ እሽግ ልክ ይመጣል። ያው ቤተሰብ ፓስታውን ከጥብስ ጎን ቢያቀርበው ግን ግማሹ እሽግ ይበቃዋል።

ድስቱ እየፈላ ሳለ እንግዳ ቢጨመር ደረቅ ፓስታ እላዩ ላይ መጨመር አይበጅም። የቀደመው ሲላቁጥ የኋለኛው ጥሬ ይሆናል። የበሰለው ወጥቶ፣ ተጨማሪው በዚያው ውሃ ለብቻው ይቀቀላል።