የኢኮ ውጤትና የሚያፈስ ቫልቭ

በልብ አልትራሳውንድ ወይም በኢኮ ውጤት ወረቀት ላይ EF ተብሎ የሚጻፈው ቁጥር፣ የግራው የታችኛው የልብ ክፍል ከያዘው ደም በአንድ ምት ስንት በመቶውን እንደሚገፋ ያሳያል። ክፍሉ 120 ሚሊ ሊትር ይዞ 70ውን ቢያስወጣ ውጤቱ 58 በመቶ ገደማ ይሆናል። ጤነኛ ልብም ቢሆን የያዘውን ሁሉ አያስወጣም፤ ስለዚህ 55 የሚል ውጤት ያየ ታካሚ ልቡ በግማሽ ጉልበት የሚሠራ ሊመስለው አይገባም። የሁለት ባለሙያዎች ልኬት በጥቂት ነጥቦች መለያየቱም የተለመደ ነው።

ቁጥሩ የሚያሳስተው ቫልቭ ሲያፈስ ነው። በኢትዮጵያ ብዙ ጊዜ እንደሚታየው፣ በልጅነት የጉሮሮ ሕመምን ተከትሎ የሚመጣው የሩማቲክ ትኩሳት በሁለቱ የግራ ክፍሎች መካከል ያለውን ሚትራል ቫልቭ ያበላሻል። ቫልቩ አልገጥም ያለው ሰው ልብ ይለጠጥና፣ ለምሳሌ 150 ሚሊ ሊትር ይዞ 90 ይገፋል፤ EF 60 ሆነ ማለት ነው። ከ90ው 40 ግን ወደ ኋላ፣ ወደ ሳንባ አቅጣጫ ይመለሳል። ለሰውነት የሚደርሰው 50 ብቻ ነው። ቁጥሩ ያምራል፤ ሰውየው ግን ደረጃ ሲወጣ ያለከልካል።

ፍሳሹ በስክሪኑ ላይ ቀለሙ የተዘበራረቀ ጅረት ሆኖ ይታያል። እጅግ አነስተኛው በብዙ ጤነኞችም ላይ ስለሚገኝ ብቻውን ሕመም አይባልም። ፍሳሹ ከባድ ከሆነ ግን፣ ታካሚው ምንም ባይሰማው እንኳ፣ EF 60 ወይም ከዚያ በታች መሆኑ ሐኪሞች ቀዶ ሕክምናን የሚያነሡበት በቂ ምክንያት ነው።