«ቴሌብር ጨምሩልን» ሲባል ርክክቡ የት ይደርሳል?

ለአንድ የአውቶቡስ ድርጅት የትኬት መሸጫ ሶፍትዌር የሚሠራ ቡድን አለ እንበል። ርክክቡ ሚያዝያ 30 ነው። መጋቢት 10 ቀን የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ ደውለው «ተሳፋሪው በቴሌብርም ይክፈል እንጂ» ይላሉ። «እናየዋለን» ይባላሉ። እሳቸው ይህን እንደ እሺታ ይይዙታል፤ ጠቡም ለርክክቡ ቀን ይቀጠራል።

ይህን የሚያስቀረው በጥቂት ቀናት ውስጥ የሚላክ የአንድ ገጽ ደብዳቤ ነው። «ሥራው በመጠኑ ሊዘገይ ይችላል» የሚለው ለስላሳ አነጋገር ግን ለማንም አይጠቅምም። ደንበኛው የሚፈልጉት ሒሳቡን ነው፦ ክፍያውን ከትኬቱ ጋር ማገናኘት 8፣ መፈተሽ 4፣ በድምሩ 12 የሥራ ቀን። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ለሚሠራ ቡድን ይህ ሁለት ሳምንት ስለሆነ ርክክቡ ወደ ግንቦት 14 ይሄዳል። የክፍያ ድርጅቱን ፈቃድ መጠበቅ ደግሞ ለብቻው ይጻፋል። ማመልከቻው የሚገባው በአውቶቡስ ድርጅቱ ስም ነው፤ የፈቃዱን ቀን ቡድኑ አያዝበትም፣ ቃልም ሊገባበት አይገባም።

«አንድ ቁልፍ ለመጨመር 12 ቀን?» ብለው ሥራ አስኪያጁ መጠየቃቸው አይቀርም። ቁልፉ ቀላል ነው። ከባዱ፣ ገንዘቡ ተቆርጦ ኔትወርክ ሲቋረጥ ተሳፋሪው ያለ ትኬት እንዳይቀር፣ የክፍያ ማረጋገጫው ሁለቴ ቢመጣም ሁለት ትኬት እንዳይወጣ ማድረግ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ክፍያ የራሱ መለያ ቁጥር ያስፈልገዋል፤ በየማታውም ሒሳቡ ከክፍያ ድርጅቱ መዝገብ ጋር ይመሳከራል። አራቱ የፍተሻ ቀናት ለድርድር የማይቀርቡትም በዚህ ምክንያት ነው።

ለድርድር የሚቀርበው ሌላ ነው። ሚያዝያ 30 የማይነካ ከሆነ 12 ቀን የሚወስደው የወርሃዊ ሪፖርት ክፍል ወደ ኋላ ይገፋል። ይህ የሚሠራው ግን ሪፖርቱን የሚሠሩት ባለሙያዎች ክፍያውንም መሥራት ከቻሉ ብቻ ነው። ሪፖርቱም የግድ ከሆነ ርክክቡ ለሁለት ይከፈላል፤ ሚያዝያ 30 በጥሬ ገንዘብ የሚሸጠው ከነሪፖርቱ ይረከባል፣ የስልክ ክፍያው ግንቦት 14 ይከተላል። የመናኸሪያ ቆራጮችም አዲሱን አሠራር ቀስ ብለው ስለሚለምዱት ብዙ ጊዜ የሚሻለው ይኸኛው ነው።

«ሰው ጨምሩበት» የሚለው ሐሳብም ይነሳል። በአይቢኤም የትልቅ ኮምፒውተር ሶፍትዌር ሥራን የመራው ፍሬድ ብሩክስ፣ በዘገየ የሶፍትዌር ሥራ ላይ ሰው መጨመር ይበልጥ እንደሚያዘገየው በ1975 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ ጽፏል። አዲሶቹን የሚያስተምሩት ሥራውን የያዙት ራሳቸው ናቸውና።

ደብዳቤው ለመልስም ቀን ይቆርጣል። ሥራ አስኪያጁ እስከ መጋቢት 17 አንዱን መርጠው ካልፈረሙ ሥራው በቀድሞው ውል ይቀጥላል፤ ግንቦት 14 የሚለውም ቀን አብሮ ይሰረዛል።