ድራማው እንዳይቋረጥ ለጣቢያው የጻፍኩት ደብዳቤ

እሁድ ማታ ሁለት ሰዓት ተኩል ሲሆን ቤታችን ጸጥ ይላል። ባለቤቴ ወንበሩን ወደ ቴሌቪዥኑ ያስጠጋል፤ እኔ የደም ግፊት መድኃኒቱን ከውኃ ጋር አቀርብለታለሁ፤ የልጅ ልጃችን ስልኳን አስቀምጣ ከአጠገቡ ትቀመጣለች። አንድ ተከታታይ ድራማ ከመጀመሪያው ክፍል ጀምሮ ስድስት ዓመት እንዲህ ተከታትለናል። ባለፈው ወር ግን ድራማው በቅርቡ እንደሚቋረጥ የሚገልጽ ጽሑፍ ከስክሪኑ ግርጌ አለፈ። ታሪኩ ገና መሃል ላይ ነው፤ ከቤት የጠፋችው ልጅ እንኳ አልተገኘችም።

ባለቤቴ ከአራት ዓመት በፊት ስትሮክ መትቶት ቀኝ እጁና ንግግሩ ተጎድቷል። የሚባለውን ይረዳል፤ የሚፈልገው ቃል ግን ከአፉ አልወጣ ይለዋል። በነርስነት በሠራሁባቸው ዓመታት እንዲህ ያሉ ሕሙማንን ብዙ አይቻለሁ። የሚረዳቸው ስለሚያውቁትና ስለሚወዱት ነገር ማናገር፣ ጊዜ መስጠት፣ ቃሉንም ቀድሞ አለመንጠቅ ነው። ይህን ለሌሎች ቤተሰቦች ስመክር ኖሬ በራሴ ቤት ምን እንደማናግረው ጠፍቶኝ ነበር። ስለ ቀበሌ ወሬ ብጠይቀው ዝም፣ ስለ ዘመድ ብጠይቀው ዝም። ከሕመሙ በኋላ የተናገራት የመጀመሪያዋ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ስለዚያች ስለጠፋችው ልጅ ነበረች። ከዚያ ወዲህ ሰኞ ጠዋት ቁርስ ላይ "ትናንት ምን ሆነ?" እለውና እጠብቃለሁ። ቃሉ ሲጠፋው የመጀመሪያዋን ድምፅ ብቻ አቀብለዋለሁ፤ የቀረውን እሱ ይጨርሰዋል። አንዳንዴ ሃያ ደቂቃ ይፈጃል፤ ሻዩም ይቀዘቅዛል።

ማስታወቂያውን ባነበብኩ ማግስት ሁለት ገጽ ሙሉ ደብዳቤ ጻፍኩ። "ተመልካቹን ንቃችሁታል" ብዬ ጀምሬ "እንደዚህ ያለ ጣቢያ አይቼ አላውቅም" ብዬ ጨረስኩ። ዴንቨር ያለችው ልጄ በስልክ ሳነብላት ዝም ብላ ሰማችኝና፣ "እማዬ፣ ይሄን የሚያነበው ሰው ሁለተኛው መስመር ላይ ያቆመዋል፤ ስለ አባዬ አንድም ቃል የለበትም እኮ" አለችኝ። ከዚያ በፊት በሥራ ቦታዋ አብራት የነበረች አንዲት አዛውንት ነርስ ያጫወተቻትን ነገረችኝ።

በአሜሪካ ሲቢኤስ የተባለው ጣቢያ "ካግኒ ኤንድ ሌሲ" የሚል ድራማ ያሳይ ነበር። ሁለት ሴት የፖሊስ መርማሪዎች በኒው ዮርክ ሲሠሩ የሚያሳይ ነው፤ አንዷ ላጤ፣ ሌላዋ ባለትዳርና የልጆች እናት። ጣቢያው እ.ኤ.አ. በ1983 ተመልካቹ አነሰ ብሎ አቋረጠው። ያኔ እዚያ ተመልካች የሚቆጠረው በናሙና በተመረጡ ጥቂት ቤቶች ነበር፤ ቴሌቪዥናቸው ላይ የተገጠመው መሣሪያ የከፈቱትን ጣቢያ ይመዘግብ ነበር። ቁጥሩ ስንት ቤት እንደከፈተ ይናገራል እንጂ ድራማው ለዚያ ቤት ምን እንደሆነ አይነግርም። ይህን የሚነግረው ደብዳቤ ብቻ ነው።

የድራማው አዘጋጅ ባርኒ ሮዘንዝዋይግ ከተመልካች ደብዳቤ ይደርሰው ነበር። ለጸሐፊዎቹ የመለሰላቸው መልስ ብልህ ነው፦ ለእኔ የጻፋችሁትን ለጣቢያውና ለአካባቢያችሁ ጋዜጣ ጻፉት አላቸው። ሰው ሁሉ በራሱ እጅና በራሱ አነጋገር ጻፈ። አንድ ዓይነት ቅጂ ቢሆን ኖሮ ሺህ ደብዳቤ እንደ አንድ ይቆጠር ነበር ብዬ እገምታለሁ፤ በጤና ጣቢያም አሥር ሰው በአንድ አፍ ሲያማርር አንዱን ብቻ ነበር የምንሰማው። በዚያው ክረምት ድራማው በድጋሚ ሲታይ ተመልካቹ ጨመረ፤ በመስከረም ደግሞ ታይን ዴሊ የዓመቱ ምርጥ ተዋናይት ተብላ ኤሚ ተሸለመች። እንግዲህ ደብዳቤው ብቻውን አልሠራም። በመጋቢት 1984 ድራማው ለሙከራ በሰባት ክፍሎች ተመለሰና እስከ 1988 ዘለቀ።

ከተመለሰ በኋላ በ1985 ባለትዳሯ መርማሪ ጡቷ ላይ እብጠት ታገኛለች፤ ፈርታም ወደ ሐኪም መሄዱን ታዘገያለች። ይህን ስሰማ ሥራ ላይ ሳለሁ የማውቃቸው እናቶች ፊቴ ላይ ድቅን አሉ። እብጠቱን ካገኙት ወራት አልፈዋቸው፣ ነጠላቸውን ደረታቸው ላይ ጠበቅ አድርገው ይመጡ ነበር። ደብዳቤዎቹ ባይጻፉ ያ ክፍል አይሠራም ነበር።

ሁሉም ግን እንዲህ አይሳካለትም። "ስታር ትሬክ" የሚባለውን የጠፈር ድራማ ኤንቢሲ ሊያቋርጠው ነው ሲባል ተመልካቾች ደብዳቤ አዘነቡ፤ ጣቢያውም በ1968 ይቀጥላል ብሎ በአየር ላይ አስታወቀ። ነገር ግን ሰዓቱን ዓርብ ሌሊት አራት ሰዓት አደረገው፤ ወጣቱ ከቤት በሚወጣበት ሰዓት ማለት ነው። በዓመቱ አበቃ። ስለዚህ "አታቋርጡ" ብሎ መጻፍ ብቻ አይበቃም፤ ሰዓቱም መጠየቅ አለበት።

የመጀመሪያውን ደብዳቤ ቀደድኩት። ሁለተኛው አንድ ገጽ ብቻ ነው፤ ለፕሮግራም ኃላፊው ተጻፈ። ዋናው ክፍል ይህ ነው፦

"ድራማችሁን እሁድ ማታ በቤታችን ሦስት ትውልድ ሆነን ስድስት ዓመት አይተናል። ባለቤቴ በስትሮክ ምክንያት ንግግሩ ተጎድቷል፤ ሰኞ ጠዋት ያየውን ሲተርክልኝ ነው ብዙ ቃል የሚያወጣው። የአሥራ አራት ዓመት የልጅ ልጃችንም ከአያቷ ጋር የምትጨዋወትበት አንዱ ነገር ይህ ነው። ወጪ ከብዷችሁ እንደሆነ በየሁለት ሳምንቱ አሳዩን፤ እንጠብቃለን። ከሁለት ሰዓት ተኩል አታሳልፉብን፤ ከዚያ በኋላ እሱ ይደክመዋል፤ ልጅቷም በማግስቱ ትምህርት አላት። መቀጠል የማይቻል ከሆነ ደግሞ ታሪኩን የሚዘጉ ጥቂት ክፍሎች ሥሩልን፤ ልጅቷ የት እንደደረሰች ሳናውቅ አትተዉን።"

አንዱን ቅጂ ድራማውን ስፖንሰር ለሚያደርገው ድርጅት አደረግሁ። ገንዘቡ ከዚያ ስለሚመጣ፣ ማስታወቂያውን ማን እንደሚያየው ማወቅ ይፈልጋሉ። ዘይታቸውን እንደምንገዛ ጻፍኩላቸው፤ እውነትም እንገዛለን። በሌላ ብራንድ እንቀይራለን ብዬ ማስፈራራት አምሮኝ ነበር፤ ልጄ ከለከለችኝ።

ለባለቤቴ ደብዳቤውን አነበብኩለትና "የምትጨምረው አለ?" አልኩት። ጠበቅኩት። የልጅ ልጄ ልታግዘው አፏን ስትከፍት ጉልበቷን ነካሁት። ከብዙ ጊዜ በኋላ "ልጅቷ... ቤቷ... ትግባ" አለ። ያቺን ቃል እንዳለች ከግርጌ ጻፍኳትና በግራ እጁ ፈረመ።

ረቡዕ ጠዋት ጣቢያው ድረስ ሄጄ መዝገብ ቤት አስገባሁ። ወጣቱ ሠራተኛ በእኔ ቅጂ ላይ ማኅተም መትቶ ቁጥር ከሰጠኝ በኋላ መዝገቡን ከፍቶ፣ "እናቴ፣ ቅሬታ ነው ወይስ ጥያቄ ልበለው?" አለኝ።

"ጥያቄ በለው" አልኩት።