ባለቤቱ ሲርቅ ማሰሪያው ማንን ይከተላል?

ሸቤ ከጅማ ወደ ቦንጋ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ የቡና ከተማ ናት። በቤትና በመንደር አፋን ኦሮሞ ይነገርባታል፤ ከሌላ አካባቢ ከመጣ ነጋዴ ወይም ሾፌር ጋር ሲሆን ደግሞ አማርኛው ይቀጥላል። ሁለቱ ቋንቋዎች አንድ ጠባይ ይጋራሉ፤ ግሳቸውን የሚያስቀምጡት ዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ነው። ከዚህ ጠባይ የሚመጣው ችግር፣ ማለትም መጀመሪያ ላይ የተጠራው ባለቤትና መጨረሻ ላይ ያለው ግስ ተራርቀው ሳይስማሙ መቅረታቸው፣ የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ነው።

በሰዋስው ትምህርታችን ድርጊቱን የሚፈጽመው ባለቤት፣ ዐረፍተ ነገሩን የሚዘጋው ግስ ደግሞ ማሰሪያ አንቀጽ ይባላል። ማሰሪያው ባለቤቱን በመደብ፣ በቁጥርና በጾታ ይከተላል፤ ነጋዴው መጣ፣ ነጋዴዋ መጣች፣ ነጋዴዎቹ መጡ። ለአንድ የተከበረ ሰውም «መጡ» እንላለን። ስለዚህ የአክብሮትና የብዙ ቁጥር መልክ እዚህ ላይ አንድ ነው።

በግእዝ ርቀቱ ብዙ አያስቸግርም ነበር። «መጽአ ብእሲ» ሲባል ግሱ ይቀድማል፣ ባለቤቱ ወዲያው ይከተላል። አማርኛ ግን ግሱን ወደ መጨረሻ ወስዷል። ብዙ የቋንቋ ምሁራን ለዚህ ምክንያት የሚያደርጉት አማርኛ ከአገውና ከሌሎች የኩሽ ቋንቋዎች ጋር ለረጅም ዘመን አብሮ መኖሩን ነው። ግሱ ወደ መጨረሻ ሲሄድ ተሳቢው፣ ጊዜው፣ ቦታውና ጥገኛ ሐረጉ ሁሉ መሀል ገቡ።

እዚህ ላይ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ መካከል ያለውን አንድ ልዩነት ማየት ይጠቅማል። «የገበሬዎቹ ልጅ መጣ» በምንልበት ጊዜ ዋናው ስም «ልጅ» ነው፤ ገላጩ ከፊቱ ስለሚቀድም ዋናው ስም ከግሱ አጠገብ ይቀራል። በአፋን ኦሮሞ ግን «ኢልሚ ቆቴ ቡልቶታ ዹፌ» ነው። «ኢልሚ»፣ ልጁ፣ ይቀድማል፤ ገበሬዎቹ ይከተላሉ፤ ግሱ የሚመጣው ከእነሱ በኋላ ነው። እንግሊዝኛም ብዙ ጊዜ እንዲሁ ዋናውን ስም አስቀድሞ ገላጩን ያስከትላል። እንግዲህ በእነዚህ ቋንቋዎች ጸሐፊን የሚያሳስተው ብዙ ቁጥር በራሱ በባለቤቱ ሐረግ ውስጥ ሊገኝ ይችላል። በአማርኛ ግን አሳሳቹ በአብዛኛው ከባለቤቱ ሐረግ ውጭ፣ መሀል በገቡት ጥገኛ ሐረጎች ውስጥ ነው ያለው።

አንድ ምሳሌ እንመርምር። በቃለ ጉባኤና በሪፖርት ውስጥ እንዲህ ያለ አጻጻፍ ያጋጥማል፦

«የቡና አምራቾች ማኅበሩ፣ አባላቱ በኅዳርና በታኅሣሥ የለቀሙትን ቀይ እሸት ቡና፣ ገበሬዎቹ በየቤታቸው ካደረቁት ጀንፈል ጋር ሳይቀላቅሉ፣ በአልጋ ላይ አድርቀው ወደ ጅማ ላኩ።»

ጆሮ ላይ ብዙም አይጎረብጥም። ነገር ግን ማን ላከ? ባለቤቱ «ማኅበሩ» ነው፤ አንድ ነው። ማሰሪያው ደግሞ «ላኩ» ይላል። አማርኛ ባለቤትን በግሱ መድረሻ ብቻ ማመልከት ስለሚችል፣ አንባቢ «ላኩ»ን ሲያይ ላኪዎቹ አባላቱ ወይም ገበሬዎቹ ናቸው ብሎ ሊረዳ ይችላል። «ማኅበሩ» ያለ ማሰሪያ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ቡናው በመንገድ ቢጠፋ ተጠያቂው ማኅበሩ ይሁን አባላቱ፣ ከዚህ ጽሑፍ ማወቅ አይቻልም።

ለማረም እያንዳንዱን ግስ ከባለቤቱ ጋር ማገናኘት ነው። «የለቀሙትን» የአባላቱ ነው፤ በብዙ ቁጥር መሆኑ ትክክል ነው። «ካደረቁት» የገበሬዎቹ ነው፤ እሱም ትክክል ነው። የቀሩት ሦስቱ ግን የማኅበሩ ናቸው፦ ያልቀላቀለው፣ በአልጋ ያደረቀውና የላከው ማኅበሩ ነው። ስለዚህ «ሳይቀላቅል፣ በአልጋ ላይ አድርቆ፣ ወደ ጅማ ላከ» መሆን አለበት። ልብ ይበሉ፤ የተሳሳተው ማሰሪያው ብቻ አልነበረም። «ሳይቀላቅሉ» ቀድሞ ወደ ብዙ ቁጥር ስለዞረ «አድርቀው» ያለውን ቦዝ አንቀጽና ማሰሪያውን ይዟቸው ሄደ። እንዲህ ያለ ስሕተት ሲገኝ ወደ ኋላ መመለስና የመጀመሪያው ግስ የት ላይ እንደተሳሳተ መፈለግ ያሻል።

መሞከሪያው ቀላል ነው። መሀል የገባውን ሁሉ አንሥቶ ባለቤቱንና ማሰሪያውን ብቻ ማንበብ። «ማኅበሩ ላኩ» ሲባል ማንም ሰው ስሕተቱ ይሰማዋል። ዐረፍተ ነገሩ ከተስማማ በኋላም ለማንበብ ከከበደ፣ ባለቤቱን ወደ ግሱ ማቅረብ ነው፦ «አባላቱ በኅዳርና በታኅሣሥ ቀይ እሸት ቡና ለቀሙ። ማኅበሩ ይህንን ቡና ገበሬዎቹ በየቤታቸው ካደረቁት ጀንፈል ጋር ሳይቀላቅል፣ በአልጋ ላይ አድርቆ ወደ ጅማ ላከ።» በእኔ አስተያየት ከሁለት በላይ ጥገኛ ሐረግ የተሸከመ ዐረፍተ ነገር መከፈል አለበት፤ ርዝመቱን የአዋቂነት ምልክት አድርጎ ማየት የቢሮ ልማድ ነው።

አንድ የግስ ወገን ግን ለብቻው መታየት አለበት። «ገበሬዎቹ፣ ዝናቡ ሳይታሰብ በሚመጣባቸው ቀናት፣ ለቡናው መሸፈኛ ሸራ ያስፈልጋቸዋል» ስንል መጀመሪያ የተጠሩት ገበሬዎቹ ናቸው፤ ግሱ በመነሻው የሚስማማው ግን ከሸራው ጋር ነው። ገበሬዎቹን የሚያመለክተው በግሱ ውስጥ ያለው «-አቸው» ነው። ስለዚህ «ገበሬዎቹ … ሸራ ያስፈልገዋል» ብሎ መጻፍ ሸራውን ሳይሆን ገበሬዎቹን መርሳት ነው። የሚፈለገው ብዙ ሲሆን ሁለቱም ወገን በብዙ ቁጥር ሊመጣ ይችላል፦ «ገበሬዎቹ ለለቀማ ወቅት ሠራተኞች ያስፈልጓቸዋል።» እንዲህ ባሉት ግሶች ላይ ጥያቄው ሁለት ነው፦ የሚያስፈልገው ምንድን ነው? ለማንስ ነው?

ሕጉ ወሰን አለው። ከቁጥር ጋር «ሃያ ገበሬ መጣ» እና «ሃያ ገበሬዎች መጡ» ሁለቱም ይባላሉ። ግዑዝ ነገር በብዙ ቁጥር ሲጠራ ግሱ በነጠላ መምጣቱም በንግግር የተለመደ ነው። እንደ «ሕዝብ» ያለው ስም ደግሞ በመልኩ ነጠላ፣ በትርጉሙ ብዙ ነው፤ ግሱ አጠገቡ ሲሆን «ሕዝቡ ተሰበሰበ» የሚል ሰው፣ ግሱ በራቀ ጊዜ ወደ «ተሰበሰቡ» ሊያዘነብል ይችላል። ለጽሑፍ የሚመረጠው ነጠላው ነው። በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ግን አንዱን መርጦ እስከ መጨረሻው መጽናት ይገባል።

አሁን አንባቢ «ሰጠ» የሚለውን ግስ አስተካክሎ ባዶውን ቦታ ይሙላ፦ «አዛውንቱ፣ ልጃቸው ከአጋሮ ያመጣችውን የቡና ችግኝ፣ ሳይደርቅ እንዲተክሉት ለጎረቤቶቹ ____።» መልሱ «ሰጡ» ነው። በብዙ ቁጥር መልክ የመጣው ግን ጎረቤቶቹ ብዙ ስለሆኑ አይደለም፤ አዛውንቱ ስለሚከበሩ ነው።