«10/7፣ 3:00»፦ የክሊኒክ ወረቀት ሲነበብ ምን ማረጋገጥ አለብን?

በ2017ቱ ረመዳን ሁለተኛ ሳምንት አንዲት የሰፈራችን እናት ከዙህር ሰላት በኋላ በፌስታል የተጠቀለለ መድኃኒትና አንድ የተጣጠፈ ወረቀት ይዘው መጡ። «ልጄ፣ እስቲ ይህን አንብብልኝ፤ እዚህ ያለው ልጄ አንድ ይላል፣ ጅዳ ያለው ሌላ ይላል» አሉን። መምህር የነበረ ሰው ሰፈር ውስጥ የማንበብ ሥራው አያልቅም። የእርሳቸውን ወረቀት ግን ከሌሎቹ ለይተን የምናነሳው ብዙዎቻችን የምንሳሳትባቸውን ነገሮች ሁሉ አንድ ገጽ ላይ ስለያዘ ነው።

እናታችን የስኳር ሕመምተኛ ናቸው። ወረቀቱ የተጻፈው ጥር 10 ቀን ሲሆን ሁለት መድኃኒትና አንድ ቀጠሮ አለበት። የመጀመሪያው ሜትፎርሚን 500 ሚሊ ግራም ሲሆን ከጎኑ «ቢ፣ አይ፣ ዲ» የሚሉ ሦስት የላቲን ፊደላት ተጽፈዋል። ሁለተኛው ግሊቤንክላማይድ 5 ሚሊ ግራም፣ በቀን አንድ ጊዜ፤ ከጎኑ «ኤ፣ ሲ» ይላል። ከታች ደግሞ «10/7፣ 3:00» ከሚለው ቀጥሎ «ኤፍ፣ ቢ፣ ኤስ» አለ። በቃ ይኸው ነው።

ከፊደላቱ እንጀምር። «ቢ፣ አይ፣ ዲ» በቀን ሁለት ጊዜ ማለት ነው፤ በመጀመሪያው ፊደል ፈንታ «ቲ» ከመጣ («ቲ፣ አይ፣ ዲ») ሦስት ጊዜ፣ «ኪው» ከመጣ አራት ጊዜ ይሆናል። «ኤ፣ ሲ» ከምግብ በፊት፣ «ፒ፣ ሲ» ከምግብ በኋላ ነው። ፋርማሲው ይህንኑ በመድኃኒቱ ከረጢት ላይ «1×2» ብሎ ያሳጥረዋል፤ አንድ ፍሬ፣ በቀን ሁለት ጊዜ ለማለት ነው። ችግሩ «1×2»ን «በአንዴ ሁለት» ብሎ የሚያነብ ሰው መኖሩ ነው። «2×1» የሚል ከረጢትም አይተናል፤ ያንን የጻፈው ሰው ሁለት ፍሬ አንዴ ማለቱ ይሁን አንድ ፍሬ ሁለቴ፣ ከወረቀቱ ብቻ ማወቅ አይቻልም። ስለዚህ ቁጥሩን ይዞ ከመውጣት በፊት መስኮቱ ላይ ቆሞ በአማርኛ መልሶ መናገር ይሻላል፦ «ጠዋት አንድ ፍሬ፣ ማታ አንድ ፍሬ፤ ልክ ነው?» ባለሙያው አዎ ወይም አይደለም ይላል።

«በቀን ሁለት ጊዜ» የሚለው ቃል በውስጡ የሰዓት ርቀት አለው፤ በተለምዶ 12 ሰዓት ገደማ ነው። በእኛ አቆጣጠር ይህ ቀላል ነው፤ ጠዋት 1 ሰዓት የዋጠ ሰው ማታም 1 ሰዓት ይውጣል። በቀን ሦስት ጊዜ ደግሞ በየ8 ሰዓቱ ነው፤ ጠዋት 12 ሰዓት፣ ቀን 8 ሰዓት፣ ማታ 4 ሰዓት። ብዙ ሰው ግን «ቁርስ፣ ምሳ፣ እራት» ብሎ ሦስቱንም በቀኑ ክፍል ያጭቃቸዋል፤ ሌሊቱ ባዶ ይቀራል። ለአንዳንድ መድኃኒት ይህ ብዙ ላይጎዳ ይችላል፣ ለአንዳንዱ ግን ይጎዳል። የትኛው እንደሆነ የሚነግረን ፋርማሲው ነው፦ «ሰዓቱ እኩል መራራቅ አለበት ወይስ ከምግብ ጋር መሆኑ ነው ዋናው?»

ረመዳን ሲገባ ወረቀቱ ትርጉሙን ያጣል። የእናታችን ወረቀት በጥር ሲጻፍ ቁርስ የሚበላ ሰው ታስቦ ነው። እርሳቸው ግን «ከምግብ በፊት፣ በቀን አንዴ» የሚለውን ግሊቤንክላማይድ ጠዋት ይወስዱት ስለነበር፣ ረመዳን ሲገባ ጠዋቱን በሱሑር ተኩት። ከምግብ በፊት የሚለውን ጠብቀዋል፤ በቀን አንዴ የሚለውንም ጠብቀዋል። ሆኖም ይህ መድኃኒት ጣፊያ አካባቢ ያለው ቆሽት ኢንሱሊን እንዲያመነጭ የሚገፋና ለብዙ ሰዓት የሚሠራ ነው። ሌሊት ተውጦ ቀኑን ሙሉ ምግብ ካልገባ ስኳሩን ከልክ በታች ሊያወርደው ይችላል። ከአስር ሰላት በኋላ እጃቸው እንደሚንቀጠቀጥና እንደሚያልባቸው የነገሩን እኛ ስንጠይቃቸው ነው፤ እርሳቸው «የጾም ድካም» ብለውት ነበር።

መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ የልብ ድም ድም ማለት፣ የሐሳብ መደነጋገር፤ የስኳር መድኃኒት በሚወስድ ሰው ላይ እነዚህ ሲታዩ ወዲያው መለካት ያስፈልጋል። ልኬቱ ከ70 በታች ከሆነ፣ ለመግሪብ አሥር ደቂቃ ቢቀርም፣ ማፍጠር ነው፤ ከ300 በላይ ሲሆንም እንዲሁ አፍጥሮ ወደ ሕክምና መሄድ ነው። መለኪያ ከሌለ ምልክቱ ይበቃል። ስኳር የተበጠበጠበት ውኃ ወይም ተምር ይወሰድና ተከትሎ ምግብ ይበላል፤ መድኃኒቱ ገና በሰውነት ውስጥ እየሠራ ስለሆነ ጣፋጩ ብቻ አይበቃም። ጣት ወግቶ መለካት ጾም ያበላሻል ብለው የሚፈሩ አሉ። ዓለም አቀፉ የኢስላማዊ ፊቅህ አካዳሚ በ1997 እ.ኤ.አ. ጅዳ ላይ ባደረገው ጉባኤ ለላቦራቶሪ ምርመራ ደም መስጠትን ጾም ከማያስፈቱ ነገሮች መካከል ቆጥሮታል። ለታመመ ሰው የተሰጠው ፈቃድም በሱረቱል በቀራህ ውስጥ ግልጽ ነው፤ ቀኑ በሌላ ጊዜ ይካሳል፣ የማይቻለው ደግሞ ፊድያ አለው።

አሁን ወደ ቀጠሮው እንምጣ። «10/7» የሚለውን ጅዳ ያለው ልጅ በስልክ ፎቶ አይቶ «ሐምሌ ውስጥ ነው፣ ገና ነው» አላቸው። እርሱ በሚኖርበት አገር ሰባተኛው ወር ጁላይ ነው፤ በእኛ ሐምሌ 3 ይውላል። እዚህ ያለው ልጅ ደግሞ ሰባተኛው ወር መጋቢት ስለሆነ መጋቢት 10 ነው አለ። ዓመተ ምሕረቱ ቢጻፍ ኖሮ ክርክሩ አይነሳም ነበር፤ «17» ካለ የእኛ፣ «25» ካለ የፈረንጆቹ ነው። አልተጻፈም።

ይህን የፈታልን የመድኃኒቱ ቁጥር ነው። ከፋርማሲው የተሰጣቸው ሜትፎርሚን 120 ፍሬ፣ ግሊቤንክላማይድ 60 ፍሬ መሆኑ በደረሰኙ ላይ ነበር። በቀን ሁለት የሚወሰድ 120 ፍሬ ለ60 ቀን፣ በቀን አንድ የሚወሰድ 60 ፍሬም ለ60 ቀን ይበቃል። ወራችን ሠላሳ ሠላሳ ቀን ስለሆነ ቆጠራው በጣት ይሠራል፦ ከጥር 10 እስከ የካቲት 10 ሠላሳ፣ እስከ መጋቢት 10 ስልሳ። መድኃኒቱ መጋቢት ላይ አልቆ ቀጠሮው ሐምሌ ላይ ሊሆን አይችልም። በርግጥ አንዳንዴ ፋርማሲው ውስጥ መድኃኒት አንሶ የአንድ ወር ብቻ ይሰጣል፤ ስለዚህ የፍሬው ቁጥር ጥሩ ፍንጭ እንጂ የመጨረሻ ማስረጃ አይደለም። ካርድ ክፍል ተጠይቆ መጋቢት 10 መሆኑ ተረጋገጠ።

«3:00»ስ? ጠዋት 3 ሰዓት ነው ወይስ በፈረንጆቹ 3፣ ማለትም ከቀኑ 9 ሰዓት? የዚህ ስሕተት ክፋቱ ራሱን አለማጋለጡ ነው። 2፣ 3፣ 4፣ 8፣ 9፣ 10 የሚሉት ሰዓቶች በሁለቱም አቆጣጠር የሥራ ሰዓት ውስጥ ይወድቃሉ። 8:00 ብንል ጠዋት 2 ሰዓትም ከቀኑ 8 ሰዓትም ክሊኒኩ ክፍት ነው። ስለዚህ «ይህ ሊሆን አይችልም» የሚያሰኝ ነገር የለም፤ ሰውየው ከሰዓት በኋላ ይሄድና «ጠዋት ነበር እኮ» ይባላል። ካርዱ ሲሰጥ «ጠዋት» ወይም «ከሰዓት» የሚለው ቃል በአማርኛ እንዲጻፍ መጠየቅ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

የቀሩት ሦስት ፊደላት፣ «ኤፍ፣ ቢ፣ ኤስ»፣ በባዶ ሆድ የሚለካ የደም ስኳር ናቸው። እዚህ ላይ እናታችን ፈገግ ብለው «ለዚህስ አልቸገርም፣ ጾመኛ ነኝ» አሉ። እኛም ለጊዜው ልክ መስሎን ነበር። ነገር ግን ለዚህ ምርመራ ቢያንስ 8 ሰዓት ከውኃ በቀር ምንም ሳይገባ መቆየት አለበት። ሱሑር ሌሊት 10 ሰዓት ተኩል ላይ የበላ ሰው ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ያለምግብ የቆየው አራት ሰዓት ተኩል ብቻ ነው። ሸሪዓው ጾመኛ ይለዋል፣ ላቦራቶሪው ግን ገና የበላ ሰው ነው የሚለው። ስኳሩ ከፍ ብሎ ይወጣና ሐኪሙ ይህን ካላወቀ መድኃኒት ሊጨምር ይችላል፤ ያም ከአስር በኋላ ለሚንቀጠቀጥ ሰው ነው። ስምንቱ ሰዓት የሚሞላው ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ሱሑርን ትቶ መሄድ ደግሞ የስኳር መድኃኒት ለሚወስድ ሰው ሌላ አደጋ ስለሆነ በራስ ውሳኔ አይደረግም።

እንግዲህ ቀጠሮውን ሳይጠብቁ በማግስቱ ጤና ጣቢያው ሄደው እንዲጠይቁ የነገርናቸው ሦስት ነገር ነው። በረመዳን ሁለቱን መድኃኒቶች በየትኛው ሰዓትና ስንት ልውሰድ? ሱሑር እየበላሁ የጠዋቱ ምርመራ እንዴት ይሁን? የምርመራው ቀን ጠዋት መድኃኒት ወስጄ ልምጣ ወይስ ደም ከሰጠሁ በኋላ? ስለ መንቀጥቀጡም መጀመሪያ እንዲናገሩ አሳሰብናቸው፤ ካልተጠየቁ የሚተዉት ነገር እንደሆነ አይተናልና።

ሐኪሙ ግሊቤንክላማይዱን ወደ ኢፍጣር አዛወረው፣ ሜትፎርሚኑን ከኢፍጣርና ከሱሑር ጋር እንዲሆን አደረገ። ይህ የእርሳቸው ልኬት ታይቶ የተሰጠ ትእዛዝ ነው፤ ኩላሊቱ የደከመ ወይም ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ሌላ ሊባል፣ ጭራሹን አትጹም ሊባልም ይችላል። ምርመራው ከዒድ በኋላ እንዲሆን ተወስኖ ካርዱ ላይ «መጋቢት 24 ቀን 2017፣ ጠዋት 3 ሰዓት፣ ሳይበሉ» ተብሎ ተጻፈ። ቀጠሮው በ14 ቀን ስለተገፋ 28 ፍሬ ሜትፎርሚንና 14 ፍሬ ግሊቤንክላማይድ እንደሚጎድላቸው ያስተዋሉት እርሳቸው ራሳቸው ናቸው፤ ከፋርማሲው መስኮት ላይ ቆመው አስጨመሩ። ከሸዋል ስድስቱን ቀናት ሊጀምሩ አስበው ስለነበርም የመጋቢት 24ቱን ቀን ከጾሙ ውጭ አደረጉት።